ከዲሲ አትላንታ በባስ፦ የሌሊቱን ልቁረጥ ወይስ የቀኑን?

አገር ቤት ሳለን ይሄ ጥያቄ ብዙም አልነበረም። ረጅም መንገድ ማለት ገና ሳይነጋ መናኸሪያ መድረስ፣ ቀኑን ሙሉ መጓዝ፣ መንገዱ ካላለቀም መሀል ከተማ አድሮ በማግስቱ መቀጠል ነበር። አሜሪካ ስንመጣ ግን ባሱ ሌሊቱንም ይነዳል፤ ትኬት ልትቆርጡ ስትሉ ስልኩ የጠዋት፣ የከሰዓት፣ የማታ ብሎ ይደረድርላችኋል፣ እናም ብዙዎቻችን ዋጋውን አይተን ርካሹን እንነካለን።

እኔ የምኖረው አሌክሳንድሪያ ነው፣ ዘመዶቼ አትላንታ ናቸው። መንገዱን በቀንም በሌሊትም ደጋግሜ ሄጄበታለሁ። ወደ 640 ማይል ነው፣ በኛ ከ1000 ኪሎሜትር በላይ። በመኪና አሥር ሰዓት አካባቢ ይፈጃል። ባስ ግን በየከተማው ስለሚገባና ብዙ ጊዜም መሀል ላይ ስለሚያስቀይር 15 ሰዓት አካባቢ ቁጠሩ፣ አንዳንዱ ከዚያም በላይ ይሄዳል። ይሄ 15 ሰዓት የሚለው ቁጥር ነው ነገሩን ሁሉ የሚወስነው፣ እመለስበታለሁ። ሰዓቱን በኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ ትኬት ላይ እንዳለ የማስቀምጠውን ብቻ በነሱ።

1. መጀመሪያ ትኬቱ ላይ ያለውን ቀን በትክክል አንብቡ

ይሄን ያስቀደምኩት ሐበሻን ለብቻው የሚጥል ወጥመድ ስለሆነ ነው። ለኛ ቀን የሚጀምረው ሲነጋ ነው። የዓርብ ሌሊት ስንል ዓርብ ውለን፣ አምሽተን፣ ከዚያ የሚመጣውን ሌሊት ማለታችን ነው። ለነሱ ግን ቀኑ እኩለ ሌሊት ላይ ይቀየራል። ስለዚህ ትኬቱ Friday 12:20 AM ካለ፣ ያ በኛ አነጋገር የሐሙስ ሌሊት 6 ሰዓት ከ20 ነው። ዓርብ ሥራ ውላችሁ፣ እራት በልታችሁ፣ ሻንጣ ይዛችሁ ጣቢያ ስትደርሱ ባሱ ከሄደ አንድ ሙሉ ቀን ሊሞላው ነው።

እኔ ላይ ደርሷል። ሠራተኛዋ ትኬቱን አይታ «ይሄ የትናንት ነው» ስትለኝ ስልኩን ሦስቴ አነበብኩት። ገንዘቡ አልተመለሰም፣ በዚያ ምሽት የቀረው ወንበር ደግሞ በእጥፍ ዋጋ ነበር። ከዚያ ወዲህ AM የሚል የሌሊት ትኬት ሳይ አንድ ጥያቄ ብቻ እጠይቃለሁ፦ ወደ ጣቢያው ለመሄድ ከቤት የምወጣው በየትኛው ቀን ማታ ነው? መልሱን ካላንደር ላይ ጽፌ ነው ክፍያውን የምነካው። ከ12:00 AM እስከ 5:00 AM ያለ መነሻ ሁሉ ይሄን ይፈልጋል።

2. ከመነሻው ሳይሆን ከመድረሻው ሰዓት ጀምራችሁ ቁጠሩ

ሰው የሌሊት ባስ የሚመርጠው «ተኝቼ እደርሳለሁ፣ ቀኔም አይባክንም» ብሎ ነው። ስምንት ወይም ዘጠኝ ሰዓት ለሚፈጅ መንገድ ይሄ እውነት ነው። ማታ 4 ሰዓት ተነስቶ ጠዋት 1 ሰዓት መድረስ ጥሩ ነገር ነው። 15 ሰዓት ግን ከአንድ ሌሊት ይረዝማል። ማታ 4 ሰዓት ተኩል ከዲሲ ብትነሱ አትላንታ የምትደርሱት በማግስቱ ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው። ሌሊቱም ሄደ፣ ግማሽ ቀኑም ሄደ። ከሥራ የምትወስዱት ዕረፍት በቀን ባስ ከሚወስድባችሁ አይለይም።

ስለዚህ ስሌቱን ገልብጡት። መድረስ የምትፈልጉበትን ሰዓት ያዙና 15 ቀንሱ። ጠዋት 1 ሰዓትና 3 ሰዓት መሀል መድረስ ከፈለጋችሁ መነሻችሁ ከቀኑ 10 ሰዓትና ከምሽቱ 12 ሰዓት መሀል መሆን አለበት። ማለትም ለዚህ መንገድ ትክክለኛው የሌሊት ባስ ሌሊት የሚነሳው ሳይሆን ከሰዓት በኋላ መጨረሻ ላይ የሚነሳው ነው። ይሄን ያወቅሁት ስንት ጊዜ ከሄድኩ በኋላ ነው።

አንድ ችግር ግን አለበት። ከዲሲ ከሰዓት በኋላ ከተነሳችሁ አይ-95 ላይ ሰው ሁሉ ከሥራ ሲወጣ ትገባላችሁ። ከዲሲ እስከ ፍሬድሪክስበርግ ያለውን መንገድ በተለይ ዓርብ የነዳ ሰው ያውቀዋል። እዚያ ሁለት ሰዓት ካለፋችሁ ሪችመንድ ላይ የሚጠብቃችሁ ቀጣይ ባስ አይጠብቃችሁም። ስለዚህ ይሄ የከሰዓት መነሻ ከአትላንታ ወደ ዲሲ ስትመለሱ፣ በተለይ እሑድ፣ ያምራል። ከዲሲ ስትሄዱ፣ በተለይ ዓርብ፣ አያዋጣም።

የምትደርሱበትን ከተማም አስቡ። የአትላንታ ባቡር፣ ማርታ የሚሉት፣ በሥራ ቀን ሊነጋጋ ሲል፣ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ዘግይቶ ነው የሚጀምረው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከደረሳችሁ ወይ ጣቢያ ውስጥ ትጠብቃላችሁ፣ ወይ ኡበር ትጠራላችሁ፣ ወይ ዘመድ ከእንቅልፉ ይነሳል። ዘመዶቼ ያሉት ክላርክስተን በኩል ነው፣ ከመሀል ከተማ ራቅ ይላል። የሌሊቱ ትኬት በ15 ዶላር ቢረክስ የኡበሩ ሂሳብ ይበላዋል።

3. የሚያስቀይርበትን ሰዓት እዩ

ትኬት ስንቆርጥ ሁላችንም ላይና ታች ያለውን፣ መነሻና መድረሻውን እናያለን። የጉዞውን ጥሩነትና መጥፎነት የሚወስነው ግን መሀሉ ነው። ዝርዝሩን ክፈቱት። ባስ የምትቀይሩት የት ነው? በስንት ሰዓት? ምን ያህል ትጠብቃላችሁ? በዚህ መንገድ ብዙ ጊዜ መቀየሪያው ሪችመንድ ወይም ሻርለት ነው።

ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ የሚያስቀይር ባስ የሌሊት ባስ አይባልም። ገና እንቅልፍ ሊወስዳችሁ ሲል ትነሳላችሁ፣ ሻንጣችሁን ከሥር አውርዳችሁ ይዛችሁ ትገባላችሁ፣ መብራቱ ዓይን የሚወጋ አዳራሽ ውስጥ ብረት ወንበር ላይ አንድ ሰዓት ትቀመጣላችሁ፣ ከዚያ ሌላ ባስ ላይ ቦታ ፍለጋ። ዕቃ የሚጠፋውም እዚያ ላይ ነው። ሰው እንቅልፉ ሳይለቀው ወርዶ፣ ሻንጣው በራሱ የሚሻገር መስሎት ጥሎት ይሄዳል። ሻንጣችሁ ሲወርድ ካላያችሁት እንዳልወረደ ቁጠሩት።

እኔ የምጠቀምበት መለኪያ ይሄ ነው። ከምሽቱ 5 ሰዓት እስከ ንጋት 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ሳትወርዱ የምትቆዩበት ረጅሙ ጊዜ ስንት ነው? አምስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ከሆነ የሌሊቱን ውሰዱ፣ ትተኛላችሁ። ከአራት ሰዓት በታች ከሆነ የቀኑን ውሰዱ፣ ምክንያቱም በሁለቱም አትተኙም፣ በቀኑ ግን ቢያንስ ሌሊቱን አልጋችሁ ላይ አድራችኋል። ባሱ ሰው ለማውረድ ዱራም ወይም ግሪንስቦሮ ገብቶ ቢወጣ አትቁጠሩት፣ እናንተ ወንበራችሁ ላይ ናችሁ። የምትቆጥሩት እናንተ የምትወርዱበትን ነው።

የመቀየሪያው ጊዜ ማጠሩም መርዘሙም ችግር አለው። ቀን ላይ 30 ደቂቃ ቢሆን እወስዳለሁ፣ ቢያመልጠኝ ሌላ ባስ ሊኖር ይችላል። ሌሊት ግን ቀጣዩ የጠዋቱ ሊሆን ስለሚችል ከአንድ ሰዓት በታች የሆነ መቀየሪያ አልቆርጥም። ደግሞ መቀየሪያው እውነተኛ ጣቢያ ነው ወይስ መንገድ ዳር? አንዳንድ ኩባንያ ነዳጅ ማደያ ወይም የገበያ መኪና ማቆሚያ ላይ ነው የሚያወርደው። አድራሻውን ካርታ ላይ አስገቡና ፎቶውን እዩ። ቀን ቢሆን ግድ የለም። ሌሊት ግን ሽንት ቤት የሌለበት፣ መቀመጫ የሌለበት ቦታ ላይ ሻንጣ ይዞ መቆም ነው፣ ባሱ ከዘገየም እዚያው ናችሁ።

4. ማን ነው የሚነዳው?

የሌሊት ጉዞን የምፈራው በሌባ አይደለም፣ በእንቅልፍ ነው። ሰው ሰውነቱ የሚደክምበት ሰዓት የታወቀ ነው። አንደኛው ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት፣ ሁለተኛው ከምሳ በኋላ። ሹፌሩ ቀን ጥሩ አድርጎ ካልተኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ መንገዱ ቀጥ ያለ፣ ጨለማው አንድ ዓይነት ሲሆን ያንጎላጃል።

ሕጉ ለዚህ ገደብ አለው። በአሜሪካ ሕዝብ የሚጭን ባስ ሹፌር ቢያንስ 8 ሰዓት ተከታታይ ዕረፍት ካደረገ በኋላ ከ10 ሰዓት በላይ መንዳት አይችልም፣ ሥራ ከጀመረ 15 ሰዓት ካለፈውም መሪ መያዝ አይፈቀድለትም። አሁን ይሄን ከመንገዳችን ጋር አያይዙት። ዲሲ–አትላንታ በባስ ለአንድ ሹፌር ይበዛል። ስለዚህ መሀል ላይ ሹፌር መቀየር አለበት፣ ወይም ሁለተኛ ሹፌር ባሱ ላይ መኖር አለበት። ስትቆርጡ ደውላችሁ «ሹፌር የሚቀየረው የት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። በደንብ የሚሠራ ኩባንያ የከተማውን ስም ወዲያው ይነግራችኋል። «ሹፌራችን ለምዶታል» ካሏችሁ ትኬቱን ተዉት፣ የሌሊት ከሆነ ደግሞ ሳታቅማሙ ተዉት።

ኩባንያውን የማታውቁት ከሆነ አንድ የማጣሪያ መንገድ አለ። እያንዳንዱ ከስቴት ስቴት የሚሄድ ባስ ጎኑ ላይ USDOT የሚል ጽሑፍና ቁጥር አለው። ድረገጻቸው ላይም ብዙ ጊዜ ታች ላይ ይገኛል። safer.fmcsa.dot.gov ላይ ገብታችሁ Company Snapshot የሚለውን ክፈቱና ቁጥሩን አስገቡ። ሰው ለማጓጓዝ ፈቃድ እንዳለውና እንደሌለው፣ ስንት ሹፌር እንዳለው፣ በፍተሻ ስንት ጊዜ ሹፌሩ ወይም መኪናው ከመንገድ እንደታገደ፣ ባለፉት ሁለት ዓመታት የተመዘገበ አደጋ ካለ ያሳያችኋል። ስታነቡት ከመኪናዎቹ ብዛት ጋር አስተያዩት። መቶዎች ባስ ያለው ኩባንያ የተወሰነ አደጋ ቢመዘገብበት አይገርምም። ሦስት ባስ ይዞ ሹፌሮቹ በተደጋጋሚ ከመንገድ የታገዱበት ግን ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የሰዓት ጉዳይ ነው።

ቀበቶውንም አትርሱ። ከኅዳር 2016 በፈረንጅ ወዲህ የተሠሩ ትላልቅ የአገር አቋራጭ ባሶች ሁሉ በእያንዳንዱ ወንበር የትከሻና የወገብ ቀበቶ እንዲኖራቸው ሕጉ ያስገድዳል። ወንበሩ መሀል ገብቶ ተደብቆ ይሆናል እንጂ አለ። ሰው ቀን ላይ ያስረዋል፣ ሌሊት ሊተኛ ሲል ይፈታዋል። መሆን ያለበት ግልባጩ ነው፣ የተኛ ሰው ድንገት ፍሬን ሲያዝ እጁን እንኳ አይዘረጋም።

5. ወሩን እዩ

ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ጊዜ የሌሊቱን ባስ የምቆርጠው ትንበያውን አይቼ ነው። ቨርጂኒያና ሰሜን ካሮላይና ውስጥ ቀን የዘነበው ሌሊት ላይ ይረጋል። አስፋልቱ እርጥብ ይመስላል እንጂ በረዶ ነው፣ በጣም የሚያስቸግረውም ከንጋት በፊት ነው። ጥር 2022 በፈረንጅ አይ-95 ፍሬድሪክስበርግ አካባቢ በበረዶ ተዘግቶ መቶዎች ሰዎች ሌሊቱን መኪናቸው ውስጥ አድረዋል፣ አንዳንዱ ከ24 ሰዓት በላይ። የቨርጂኒያው ሴናተር ቲም ኬይን ሳይቀሩ 27 ሰዓት መንገድ ላይ ነበሩ። ትንበያው ቅዝቃዜው ከ32 ፋራናይት በታች ይወርዳል፣ ዝናብም አለ ካለ ለዚያ ሌሊት አትቁረጡ። የቀኑ ባስ ፀሐይ መንገዱን ካሞቀች በኋላ ነው አብዛኛውን የሚሄደው።

በሙቀቱ ወራት ችግሩ ሌላ ነው። ከሰዓት በኋላ ካሮላይና ላይ ነጎድጓድና ዶፍ ይመጣል፣ የቀኑ ባስ ይዘገያል፣ ግን ያን ያህል አያሰጋም።

6. አንድ ጉዞ አብረን እንቁረጥ

የአክስቴ ልጅ ሠርግ ነበር፣ አትላንታ፣ ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት። ሰኞ ከሰዓት ሥራ መግባት ነበረብኝ። ለመሄድ ሦስት ምርጫ አገኘሁ።

የመጀመሪያው ዓርብ ማታ 2 ሰዓት ከ45 የሚነሳ፣ በጣም ርካሹ። ዓርብ ሥራ ውዬ መሄድ ስለምችል ልቤ ወደሱ ሄዶ ነበር። ዝርዝሩን ስከፍተው ግን ሪችመንድ ላይ ከምሽቱ 5 ተኩል እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ሊጠጋ ያስጠብቃል፣ ጠዋት ሻርለት ላይ እንደገና ያስቀይራል፣ አትላንታ የሚገባው ቅዳሜ 7 ሰዓት ነው። ሠርጉ ሊጀምር አንድ ሰዓት ሲቀረው። ሁለት መቀየሪያ ባለው መንገድ አንድ ሰዓት መዘግየት የተለመደ ነው። ሳልታጠብ፣ ሳልተኛ፣ ምናልባትም ሙሽራዋ ከገባች በኋላ። ተውኩት።

ሁለተኛው ሐሙስ ማታ 4 ተኩል ተነስቶ እስከ ሻርለት ሳያስቀይር የሚሄድ፣ ዓርብ 7 ሰዓት የሚገባ። በእንቅልፍ መለኪያዬ አለፈ፣ ከምሽቱ 5 እስከ ንጋት 12 ሰዓት አልወርድም። ሦስተኛው ዓርብ ጠዋት 1 ሰዓት ተነስቶ ማታ 4 ተኩል የሚገባ፣ ሪችመንድ ላይ 40 ደቂቃ ብቻ የሚያስቀይር። ሁለቱም ዓርብን ከሥራ ያስቀሩኛል። ሁለቱም ለሠርጉ ከግማሽ ቀን በላይ ቀድመው ያደርሱኛል። እንግዲህ ልዩነቱ ሐሙስ ሌሊት አልጋዬ ላይ ልደር ወይስ ወንበር ላይ የሚለው ብቻ ሆነ። የቀኑን ቆረጥኩ። ዓርብ ከሰዓት አክስቴን ሥራ የማግዝ ቢሆን ኖሮ የሐሙሱን እወስድ ነበር፣ ሳምቡሳ የሚጠቀልል እጅ ይፈለጋል።

ስመለስ ግን የሌሊቱ አሸነፈ። እሑድ 11 ሰዓት ከአትላንታ ተነስቶ፣ ሻርለት ማታ 4 ሰዓት ላይ አስቀይሮ፣ ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ዲሲ የሚገባ። መቀየሪያው የሚመጣው ገና ሳልተኛ፣ ጣቢያው ሰው እያለበት ነው። ከ5 ሰዓት በኋላ ወደ ሰባት ሰዓት ያህል ሳልወርድ ተኝቼ መጣሁ። ቤት ገብቼ ታጥቤ ሥራ ገባሁ። የቀኑን ብቆርጥ ኖሮ እሑድ ጠዋት 1 ሰዓት መነሳት ነበረብኝ፣ ሠርግ ባደረ ማግስት፣ መልሱንም ሳላይ።

7. ሰው ይዛችሁ ከሆነ

እናታችሁ ከአገር ቤት መጥተው አትላንታ ያለችውን እህታችሁን ሊያዩ ከሆነ፣ ከላይ ያልኩት ሁሉ ቀርቶ የቀኑን ቁረጡላቸው። ከአራት ሰዓት በላይ ተቀምጦ መሄድ እግር ላይ ደም እንዲረጋ ሊያደርግ ይችላል፣ ዕድሜ ሲጨምር ደግሞ ይብሳል። ቀን ላይ ባሱ በቆመ ቁጥር ወርደው ይንቀሳቀሳሉ፣ ውሃ ይጠጣሉ። ሌሊት ሰው ስለተኛ እሳቸውም ላለማስቸገር ብለው ሳይነሱ ሳይጠጡ ያድራሉ። ከዚህ በፊት እግራቸው ላይ ደም ረግቶባቸው የሚያውቅ ከሆነ ደግሞ ሐኪማቸውን ሳትጠይቁ በቀንም አትውሰዷቸው። መድኃኒታቸው ከሥር በሚገባው ሻንጣ ሳይሆን በእጅ ቦርሳቸው ይሁን። ብቻቸውን የሚሄዱ ከሆነና እንግሊዝኛ ካልቻሉ የማያስቀይር ባስ እስኪገኝ ቀኑን ግፉት፣ ያም ካልተገኘ አብሯቸው የሚሄድ ሰው ፈልጉ።

ከትንሽ ልጅ ጋር ከሆነ ግን የማያስቀይር የሌሊት ባስ ይሻላል፣ ልጁ ይተኛል። ብርድ ልብስ በእጃችሁ ያዙ፣ ሐምሌም ቢሆን። ሌሊት ማቀዝቀዣውን ሹፌሩ ራሱን ለማንቃት ከፍ ያደርገዋል፣ ከኋላ ያለው ሰው ይንቀጠቀጣል። ወንበር የምታስመርጥ ትኬት ከሆነች ከመሀል ፈንጠር ሳትሉ መስኮት ዳር ያዙ። ከኋላ ሽንት ቤቱ አለ፣ በሩ ሌሊቱን ሙሉ ሲከፈት ሲዘጋ ያድራል፣ ከፊት ደግሞ በቆመ ቁጥር መብራቱ ፊታችሁ ላይ ይበራል።